ሦስት ገጽ ስለ አንድ ድሪቶ

ለሥራ አስኪያጃችን የጻፍኩት የመጀመሪያው ኢሜይል ሦስት ገጽ ነበር። ለአለቃው ሦስት ገጽ የሚጽፍ ሰው ወይ ሊለቅ ነው ወይ ጥፋት ደብቋል። እኔ የመልቀቅ ሐሳብ አልነበረኝም። ያን ጊዜ ግን ይህን አላሰብኩትም፤ ያሰብኩት አማርኛዬ እንዴት እንዳማረ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ በሁለተኛው የራሴኑ ልብ ነካው።

የምሠራው መተማ ቆላ ውስጥ፣ ኮኪት ነው፤ ለሰሊጥ እርሻዎች ትራክተርና ውሃ በሚያቀርብ አንድ ድርጅት ውስጥ። ሥራ አስኪያጇ ጎንደር ይቀመጣሉ፤ እኛ ጋ የሚወርዱት አጨዳ ሲጀመርና አንድ ነገር ሲበላሽ ነው። ግብርና ተምረው እርሻ ላይ ያረጁ፣ ንግግር የማያበዙ ሴት ናቸው። እኔ ደግሞ የድርጅቱ «የኮምፒውተር ሰው» ነኝ። ይህ ማለት ማተሚያው ወረቀት ሲውጥ የምጠራ፣ የዘበኛው ስልክ ሲቆለፍ የምጠራ፣ አልፎ አልፎም ኮድ የምጽፍ ማለት ነው።

ከጻፍኳቸው ሁሉ ሰው የሚያውቀው አንዱን ነው፤ የውሃውን። ሰሊጥ ሲደርስ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደጋው ጎንደር የሚወርደው ሠራተኛ እየተቧደነ በየእርሻው መሐል ዳስ ይጥላል። ካምፕ የምንለው ያንን ነው። ሙቀቱ ሰውን ያቀልጣል፤ ጉድጓድ የለም፤ የሚጠጣው ውሃ በቦቴ ሄዶ በርሜል ውስጥ ይገለበጣል። ሁለት ቦቴ አለን። ጠዋት ጠዋት የየካምፑ አለቃ፣ ካቦ የምንለው፣ በስልኩ መልእክት ይልካል፦ የካምፑን ስም፣ የሰውን ብዛት፣ የቀረውን በርሜል። ስክሪፕቱ፣ ማለትም የጻፍኩት አጭር ፕሮግራም፣ መልእክቶቹን አንብቦ የጎደለውን ያሰላና ለእያንዳንዱ ቦቴ ዝርዝር ያወጣል፤ የትኛው እርሻ ቁጥር፣ ስንት በርሜል፣ በየትኛው ቅደም ተከተል። እኔ አትሜ ለሾፌሮቹ እሰጣለሁ።

ሲጀመር ስልሳ መስመር ነበር፤ ንጹሕ፣ አጭር፣ እናቴ ብታየው የምትኮራበት። ችግሩ ኮዱ ሳይሆን አገሩ ነው ብዬ ለብዙ ጊዜ ሳማርር ኖሬአለሁ። እኛ ዘንድ ካምፕ የሚጠራው በቦታው አይደለም፤ በካቦው ስም ነው። «የእገሌ ካምፕ» ይባላል። እርሻው ታጭዶ ሲያልቅ ካቦው ሰዎቹን ይዞ ወደ ሌላ እርሻ ይሄዳል፤ ስሙም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ስክሪፕቱ ውስጥ «ይህ ካቦ ያለው እዚህ ቁጥር እርሻ ላይ ነው» የሚል ሠንጠረዥ ነበረኝ፤ ካቦ በተንቀሳቀሰ ቁጥር በእጄ የማርመው። አምስት ካምፕ ሳለ ይህ ብልኃት ነበር። ሃያ ሲሆኑ ግን ለተሰደዱ ዶሮዎች በር መክፈትና መዝጋት ሆነብኝ።

ከዚያ መጣፍ ጀመርኩ። ሁለት ካቦዎች አንድ ስም ይዘው መጡ፤ አንዱን «ቀዩ» ብሎ የሚለይ መስመር ጣፍኩ። አንዱ ካቦ ቁጥሩን በፊደል «ሠላሳ» ብሎ ይጽፋል፤ ለሱ ብቻ ሌላ መስመር ጣፍኩ። አንዱ የራሱ ስልክ ባትሪ ሲያልቅበት በምግብ አብሳይዋ ስልክ ይልካል፤ ለዚያም ጣፍኩ። ኔትወርክ ጠፍቶ መልእክት ያልደረሰለት ካምፕ ውሃ እንዳይቀርበት «መልእክት ከሌለ የትናንቱን ውሰድ» የሚል ጨመርኩ፤ በዚህኛው በተለይ ተመጻድቄበት ነበር። አንድ ቦታ ላይ ስክሪፕቱ አርባ ሰከንድ ዝም ብሎ እንዲቆም የሚያዝ መስመር አለ። አጠገቡ በራሴ እጅ «አትንካው፤ ለምን እንደሚሠራ አላውቅም» ተብሎ ተጽፏል። ማንን እንደማስጠነቅቅ እንጃ፤ ፋይሉን ከኔ በቀር የሚከፍተው የለም።

ከሁሉ የከፋው ግን አንድ ቀን በንዴት የጻፍኩት ነው። ከካቦዎቹ የሚመጣው መልእክት በየቀኑ አዲስ ዓይነት ስለሆነ ስክሪፕቱ መሐል መንገድ ላይ ይቆምብኛል። ዝርዝሩ ሳይወጣ ሾፌሮቹ ደጅ ላይ ሞተር አስነሥተው ሲጠብቁኝ ላብ ያጠምቀኛል። ስለዚህ «የማታነበው መልእክት ካጋጠመህ ዝም ብለህ እለፈው» ብዬ አዘዝኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስክሪፕቱ ቆሞ አያውቅም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የኔው ግን እየተፈታም ይሮጥ ነበር።

ኢሜይሉን የጻፍኩት ነሐሴ ላይ ነው። ነሐሴ ላይ ዋልካው ጎማ ስለሚውጥ ቦቴዎቹ ይቆማሉ፤ ለአረም የመጣው ሠራተኛም ኩሬው ሁሉ በዝናብ ስለሚሞላ እኛን አይፈልግም። ሥራ አስኪያጇ በመጪው አጨዳ ሦስተኛ ቦቴ እንደሚመጣና የካምፑ ቁጥር በእጥፍ እንደሚያድግ አስታወቁን። «ስክሪፕቱ ላይ ጨምረው» አሉኝ። እኔ ድሪቶ ላይ እጅጌ ጨምር እንደተባለ ልብስ ሰፊ ደነገጥኩ። የማውቀውን አውቃለሁና ሦስት ሳምንት ስጡኝ፣ ከመሠረቱ ልጻፈው ብዬ ለመጠየቅ ተቀመጥኩ።

ሦስቱ ገጾች ውስጥ ምን ያልነበረ ነገር አለ! ምሰሶው በምስጥ የተበላ ቤት ነበረ። ዘመናዊ አሠራርና ወደፊት የሚመጣው ትውልድ ነበሩ። ኮዱን «ቀደም ሲል በተለያዩ ጊዜያት በተለያዩ እጆች የተጣፈ» ብዬ ገልጬዋለሁ። ሁለት እጅ አለኝ፤ ከዚያ በላይ እጅ ነክቶት አያውቅም። በመጨረሻው ገጽ «ይህ ካልሆነ ለሚደርሰው ኃላፊነት አልወስድም» ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ሲላክ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ግማሽ ቀን ፈጀበት፤ እኔም በየሩብ ሰዓቱ እየሄድኩ ልጁን ፈተና ላይ እንዳስቀመጠ አባት አየሁት።

መልሳቸው በማግሥቱ መጣ። አንድ መስመር ነበር፦ «እስካሁን ያደረሰው ጉዳት አለ?»

ልክ ናቸው። ጤነኛ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ኢሜይሉን ዘጋሁት፤ ጉዳት ነበረና። ከኔ በቀርም ያንን ጉዳት የስክሪፕቱ ነው ብሎ የሚያውቅ ሰው የለም ብዬ አምን ነበር።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ካምፕ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይደርሰው ዋለ። ካምፑ ከአሥራ አራት ቁጥር እርሻ ወደ ሠላሳ አንድ ቁጥር ተዛውሮ ነበር። ካቦው ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ሳይጠየቅ በጠዋቱ መልእክት መጨረሻ ላይ አዲሱን የእርሻ ቁጥር ጨመረበት። ስክሪፕቴ ደግሞ ሁለት ቁጥር ብቻ ነበር የሚጠብቀው። ሦስተኛ ቁጥር ሲያይ መልእክቱን ማንበብ አቃተው፤ እንዳዘዝኩትም ዝም ብሎ አለፈው። ያለፈውን መልእክት እንዳልመጣ ቆጠረና፣ ያንን የተመጻደቅኩበትን መስመር ተከትሎ የትናንቱን ወሰደ። ዝርዝሩ ላይ አሥራ አራት ቁጥር ብሎ አወጣ። ከካቦዎቹ ሁሉ አብልጦ የነገረኝን ሰው ስክሪፕቱ ቀጣው ማለት ነው።

ቦቴው አሥራ አራት ቁጥር ሲደርስ ያገኘው የታሰረ ሰሊጥ ብቻ ነበር፤ እየተደገፈ እንዲደርቅ የቆመ፣ እኛ ሂላ የምንለው፤ ሰው የለም። ሠላሳ አንድ ቁጥር ላይ ደግሞ አርባ ሰው ማጭዱን ጥሎ መንገድ መንገዱን ሲያይ ዋለ። ከቀትር በኋላ ከብት የሚነከርበትን ኩሬ ጠጡ። ሦስቱ ታመሙ፤ ምግብ አብሳይዋ ጤና ጣቢያ ሁለት ቀን ግሉኮስ ተሰክቶላት ተኛች። ዳነች። ይህንን «ዳነች» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ለራሴ እንደደገምኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

የዚያኑ ዕለት አመሻሹ ላይ ወሬው ቢሮ እንደደረሰ ስክሪፕቱን ከፍቼ አየሁት፤ ወዲያው ገባኝ። አራተኛ ቃል ካለ እንደ እርሻ ቁጥር ያዘው የሚል ሌላ ጥፍ ጨመርኩና መሥራቱን ለማየት እንደገና አስነሣሁት። ዝርዝሩ ሠላሳ አንድ ብሎ ወጣ። ችግሩ ስክሪፕቴ ዝርዝሩን የሚያስቀምጠው ሁልጊዜ በአንድ የፋይል ስም መሆኑ ነው፤ አዲሱ አሮጌውን ይደመስሰዋል። የጠዋቱ ዝርዝር ጠፋ ማለት ነው። ይህን ሆን ብዬ አላደረግኩትም። ቀጥሎ ያደረግኩትን ግን እንዲያ ልል አልችልም።

ሥራ አስኪያጇ በማግሥቱ፣ የዕለቱ ዝርዝር ገና ሳይወጣ፣ በማለዳ ወረዱ። ሾፌሩን አስጠሩ። ሾፌሩ ስድሳን የተጠጉ፣ ይህን ምድር ገና ጫካ ሳለ በትራክተር የመነጠሩ ሰው ናቸው። «ወረቀቱ አሥራ አራት ነው የሚለው» አሉ። «ወረቀቱ የታለ?» ተባሉ። ቦቴ ላይ የዋለ ወረቀት አመሻሹ ላይ ጭቃ ነው፤ ጥለውታል። ሥራ አስኪያጇ ወደ እኔ ዞረው «የትናንት ጠዋቱን ዝርዝር አሳየኝ» አሉኝ። ፋይሉን ከፍቼ አሳየሁ። ሠላሳ አንድ ይላል።

አልዋሸሁም ብዬ ራሴን ለማሳመን ብዙ ደክሜያለሁ። ፋይል አሳየኝ ተባልኩ፣ ፋይል አሳየሁ። አንድ ቃል አልተናገርኩም። ስክሪፕቴን ዝም ብለህ እለፍ ብዬ ያስተማርኩት እኔ አይደለሁ? ሾፌሩ ፋይሉን አዩ፤ ቀጥሎ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ወለሉን። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው። በቃ፣ ሰው ተሳሳተ፣ ኮምፒውተር አይሳሳትም ተባለ፤ እኔም በዚያ ሳምንት «የኛ ሲስተም» እየተባልኩ ተመሰገንኩ።

ስለዚህ «እስካሁን ያደረሰው ጉዳት አለ?» ለሚለው አንድ መስመር መልሱ አንድ መስመር ነበር። እኔ ግን የጻፍኩት ይህንን ነው፦ «እስካሁን የጎላ ጉዳት አልደረሰም፤ ሆኖም ወደፊት ሊደርስ እንደሚችል ባለሙያዎች ይስማማሉ።» ባለሙያዎቹ እኔ ነኝ። «የጎላ» የምትለዋን ቃል ለማግኘት ሩብ ሰዓት ፈጅቶብኛል።

መልሳቸው እንደ ልማዳቸው አጭር ነበር፦ «ጉዳት ካላደረሰ የሚሠራ ነገር አይነካም። ሦስተኛውን ቦቴ ጨምርበት። ሾፌሮቹ እነዚህ ናቸው።» ከሥሩ ሦስት ስም ነበር። አዲሱ ቦቴ የተሰጠው ከመጣ ሁለት ዓመት ላልሞላው ወጣት ነው። ቅንፍ ውስጥ ምክንያቱ ተጽፏል፦ ማስጠንቀቂያ ያለበት ሾፌር አዲስ መኪና አይዝም።

እዚህ ላይ ስለ አሮጌው ቦቴ መናገር አለብኝ። የሾፌሩ ወንበር በሽቦ የታሰረ ነው። የጎን መስታወቱ አይዘጋም፤ አቧራው እንዳለ ይገባል። ሰውየው ቀን ቀን በመሐረብ አፋቸውን ሸፍነው፣ አመሻሹ ላይ እያሳሉ ይወርዳሉ። አዲስ መኪና ከመጣ የሚገባው ለሳቸው እንደሆነ ግቢው ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ዘበኛው እንኳ ቀድሞ «እንኳን ደስ ያለዎት» ብሏቸው ነበር። እኔ ደግሞ ያን ቀን የታዘዝኩት ከአዲሱ ቦቴ ጎን የሌላ ሰው ስም እንድጽፍ ነው። በገዛ ስክሪፕቴ ላይ፣ በገዛ እጄ።

ፋይሉን ከፈትኩ። ስሙን ለመጻፍ ወደ ታች ስወርድ በጥቅምቱ አመሻሽ የጨመርኩት ጥፍ ላይ ደረስኩ። አጠገቡ ማስታወሻ ትቼ ነበር፦ «ለሠላሳ አንድ ቁጥር ችግር»። ሌሎቹ ጥፎች አጠገብ ቀልድ አለ፣ ስድብ አለ፣ አንዱ ጋ ግማሽ ተረት አለ። ይኸኛው ላይ ብቻ ቁም ነገረኛ ሆኛለሁ። አፈርኩ። እንዲሁ ዝም ብሎ ማፈር አይደለም፤ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ትል ነበር እናቴ፤ እኔማ የራሴን ማረር በሰው ድስት ላይ ነው ያሸተትኩት።

ሦስተኛውን ኢሜይል ያለ ረቂቅ ጻፍኩት። ምሰሶም ምስጥም የለበትም። እንዲህ ይላል፦

«ጉዳት አለ ወይ ብለው ጠይቀውኝ የለም ብያለሁ። አለ። ባለፈው ጥቅምት ሠላሳ አንድ ቁጥር ውሃ ያላገኘው በሾፌሩ ጥፋት አይደለም። ካቦው ቦታ መቀየሩን ጽፎ ነበር፤ ስክሪፕቱ መልእክቱን ስላላነበበው ዝም ብሎ አልፎ ቦቴውን ወደ ትናንቱ ቦታ ላከው። የጠዋቱ ወረቀት አሥራ አራት ነበር የሚለው። እኔ ያሳየሁዎት ፋይል ካረምኩት በኋላ የወጣ ነው፤ ይህንንም አውቅ ነበር። ዝም ብሎ እንዲያልፍ የሚያዘው መስመር ዛሬም እንዳለ ነው፤ ካምፑ በእጥፍ ሲጨምር የሚታለፈውም መልእክት ይጨምራል፤ የቱ እንደታለፈም አናውቅም። ጊዜ የምጠይቀው ለዚህ ነው።»

ላክሁት። በየሩብ ሰዓቱ እየሄድኩ አላየሁትም። እንዳይሄድልኝ ሳልመኝ አልቀረሁም፤ ኔትወርኩ ግን፣ አሳዳጊ የበደለው፣ ያን ቀን በአንድ ጊዜ ወሰደው።

ሁለት ቀን ዝም አሉ። እኔ በነዚያ ሁለት ቀናት ሻንጣዬን በሐሳቤ ሦስት ጊዜ አሰርኩ፤ አንድ ጊዜማ መተማ ዮሐንስ ወርጄ ስልክ ጥገና ስከፍት ራሴን አየሁት። በሦስተኛው ቀን ደወሉ።

«ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ ምስጥ ስትጽፍልኝ ይችን ስድስት መስመር አጣሃት?» አሉኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ።

«ይቅርታውን ተወውና ስማኝ። ሁለት ሳምንት አለህ፤ ሦስት የለኝም። ያልተነበበ መልእክት ካለ ዝርዝሩ ከመውጣቱ በፊት ቀይ ሆኖ ይታይ፤ አንተም ለካቦው ደውለህ ታረጋግጣለህ። የየቀኑ ዝርዝር በየቀኑ ስም ይቀመጥ፤ አንዱ ሌላውን እንዳያጠፋ። ሌላውን አንተ ታውቃለህ።» ይህ ሁሉ የኔ ሦስት ገጽ ውስጥ አልነበረም። ኮድ አይተው የማያውቁ ሴት በአንድ ትንፋሽ አሉት።

«እሺ፣ እሜቴ።»

«አልጨረስሁም። የሾፌሩ ማስጠንቀቂያ ተሽሯል፤ አዲሱ መኪና የሳቸው ነው። ደብዳቤው ግን አልተቀደደም፤ ስሙ ተቀይሮ ላንተ ይመጣል። ለሳቸው የምትነግራቸው ደግሞ አንተ ነህ። እኔ አልነግርልህም።»

ደብዳቤው በማግሥቱ መጣ። እውነትም ስሙ ብቻ ነበር የተቀየረው፤ «የተሰጠዎትን የጉዞ መስመር ባለመከተልዎ» የሚለው እንዳለ ነው። መኪና መንዳት እንኳ አልችልም። ለማሳረም አሰብኩና ተውኩት።

ሾፌሩን ያገኘኋቸው ግቢው ጥግ፣ አሮጌው ቦቴ ሥር ተጋድመው ግሪስ ሲያጠጡ ነው። የሚታየው እግራቸው ብቻ ነበር። እንዲህ መሆኑ ደስ አለኝ፤ ለእግር መናዘዝ ይቀላል። ቁጢጥ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ስለ ሦስተኛው ቁጥር፣ ስለ ጠፋው ፋይል፣ ዝም ስለማለቴ፣ ማስጠንቀቂያው ስለመሻሩ፣ ስለ አዲሱ መኪና። ንግግሬን መንገድ ላይ ተለማምጄው ስለነበር ሳላቋርጥ ወረደልኝ፤ በመጨረሻም «ጥፋቱ የኔ ነው ጋሼ» ስል ድምፄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። አልዋሽም፣ መንቀጥቀጡ ለራሴ ጣፈጠኝ። ጥሩ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

እጃቸው ከሥር ብቅ አለና የግሪሱን ጨርቅ መሬት ላይ ፈለገ። ቀጥሎ እሳቸው ወጡና ጎማው ላይ ተደግፈው ተቀመጡ።

«ካምፑ መዛወሩን አውቅ ነበር እኮ» አሉ።

አልገባኝም።

«ካቦው ጠዋት ደውሎ ነግሮኛል። ሁሉም ይደውሉልኛል። ያንተን ወረቀት እቀበልና በየቀኑ አርሜ ነው የምሄደው። ይኸ ተዛውሯል፣ ያኛው በርሜሉ ተቀዷል፣ የዚያኛው ሰው ግማሹ ሄዷል እያልሁ። ሁለት ዓመት እንዲያ ነው የሄድሁት። ተማም ነበር፤ ምንም የጎደለው የለም።»

ሁለት ዓመት «ሲስተሙ» እየተባለ የተመሰገነው የኔ ስክሪፕት ሳይሆን የሳቸው ስልክ ነበር ማለት ነው። «ታዲያ ያን ቀን ለምን አላረሙትም?» አልኩ።

«ያን ሰሞን ማስታወቂያ ለጠፍህ አይደለም? ሾፌር ከዝርዝሩ ውጭ እንዳይሄድ ብለህ። አስፈረምኸን። ነዳጁም ለዝርዝሩ ያህል ብቻ ይቀዳ አልህ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ፈረምሁ፣ ያዝሁ።»

ማስታወቂያውን አስታወስኩት። ሾፌሮቹ እንደፈለጋቸው ሲሄዱ የስክሪፕቴ ቁጥርና የወረደው በርሜል አልገጥም ብሎኝ፣ ተናድጄ የጻፍኩት ነው። ኢሜይሌ ውስጥ አልነበረም። ሦስት ገጹም ውስጥ፣ ስድስት መስመሩም ውስጥ። ጥፋቴን ሁሉ ቆጥሬ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር።

«ቢሆንም አሥራ አራት ቁጥር ደርሰው ባዶ ሲሆንብዎ…» ብዬ ጀመርኩ። ምን ልል እንደነበር አላውቅም። ጥፋቱን ትንሽ ላካፍላቸው ፈልጌ ይሆናል።

«ደወልሁልሃ» አሉ።

«ለኔ?»

«ላንተ ነዋ። ቦቴው ሙሉ ነው፣ ሰው የለም፣ ሠላሳ አንድ ናቸው፣ ልሂድ ወይ አልሁህ። ‹ጋሼ፣ ዝርዝሩን ይከተሉ› አልኸኝ። ኸላስ፣ በቃ። ዘጋኸው።»

አላስታወስኩትም። አሁንም አላስታውሰውም። የዚያን ቀን ጠዋት ስንት ስልክ እንዳነሣሁ፣ ከማተሚያው ጋር እየታገልኩ ይሁን ቁርስ እየበላሁ እንጃ። አርባ ሰው ውሃ ያገኝ የነበረበት አንድ ደቂቃ በጆሮዬ አልፎ ሄዷል፤ እኔ ላይ ምልክት እንኳ አልተወም። ስለ መስመሩ ዓመት ሙሉ ስጨነቅ ኖሬ፣ ይህንን ረስቼው ነበር።

«ለሥራ አስኪያጇ ለምን አልነገሯቸውም?» አልኩ። ድምፄ የዚያን ጊዜ አልተንቀጠቀጠም።

ሽማግሌው ጣታቸውን አንድ በአንድ በጨርቁ ይጠርጉ ነበር። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

«አጠገቤ ቁመህ አልነበረ?» አሉ። «አንተ ትናገራለህ ብየ ጠበቅሁ።»

ከዚያ ተመልሰው ቦቴው ሥር ገቡ። እኔም ተነሥቼ ሄድኩ። ቢሮ ተመልሼ አዲሱን ስክሪፕት ልጀምር ኮምፒውተሩን ከፈትኩና ኢሜይሉን ቀድሜ ከፈትኩ። ለሥራ አስኪያጇ አራተኛዬ ነበር፣ የመጨረሻዬም፤ «ሾፌሩ የዚያን ቀን ከአሥራ አራት ቁጥር ደውለውልኝ ነበር፤ ዝርዝሩን ይከተሉ ብዬ የመለስኳቸው እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ።